ስኳር ድንች የድንች ዘመድ ነውን? የሁለቱ ሰብሎች አመዳደብ እና ለሰብል ማፈራረቅ ያለው ትርጉም

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የስልጠና ጽሑፍ



ድንችና ስኳር ድንች አብረው በሚመረቱባቸው የወይና ደጋ ቀበሌዎች በየስልጠናው የምትጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፦ «ድንች ባነሳሁበት ማሳ ላይ ስኳር ድንች ብተክል ሰብል አፈራረቅሁ ይባላል ወይስ ያንኑ ሰብል ደገምኩ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ድንች ላይ ድንች መድገም በሽታ እንደሚያከማች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሁለቱ ሰብሎች ስም ደግሞ አንድ ቃል ይጋራል፤ ሁለቱም ከአፈር ተቆፍረው ይወጣሉ፤ ሁለቱም ተቀቅለው ይበላሉ። ስለዚህ ወንድማማቾች ናቸው ብሎ ማሰብ የሚያስገርም አይደለም።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ድንችና ስኳር ድንች የቅርብ ዘመድ አይደሉም። የድንች የቅርብ ዘመዶች ቲማቲም፣ በርበሬና ትምባሆ ናቸው። የስኳር ድንች የቅርብ ዘመዶች ደግሞ በአጥርና በማሳ ዳር የሚጠመጠሙ፣ ጥሩምባ የመሰለ አበባ የሚያወጡ ሐረጎች ናቸው። ድንችንና ስኳር ድንችን የሚያገናኛቸው በጣም የራቀ ዝምድና ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ይህን እንዴት በዓይናችሁ ማሳ ላይ እንደምታረጋግጡ፣ ከዚያም ለማሳ አያያዛችሁ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳል።

1. ስማቸው ለምን ተመሳሰለ?

ሁለቱም ሰብሎች ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው፤ ነገር ግን ከተለያየ ቦታ። ድንች የመጣው በደቡብ አሜሪካ ከሚገኙት የአንዲስ ተራሮች፣ ብርድ ካለበት ከፍተኛ ደጋ ነው። ስኳር ድንች ግን የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ሞቃት ቆላ ተክል ነው። ድንች ለምን ደጋችንን እንደሚወድ፣ ስኳር ድንች ደግሞ ውርጭ ሲነካው ለምን ቶሎ እንደሚጠቁር ከዚሁ መረዳት ይቻላል።

ስፔኖች በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ሲደርሱ መጀመሪያ ያገኙት ስኳር ድንችን ነበር። የአካባቢው ሕዝብ «ባታታ» ይለው ነበር። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ በአንዲስ ተራሮች ድንችን አገኙ፤ በዚያ አገር ቋንቋ ስሙ «ፓፓ» ነበር። ሁለቱ ስሞች ተቀላቅለው «ፓታታ» የሚል ቃል ተፈጠረ። እንግሊዞችም ቃሉን ወስደው «ፖቴቶ» አሉት፤ መጀመሪያም የጠሩበት ስኳር ድንችን ነበር። ስለዚህ መደባለቁ የተጀመረው እኛ ዘንድ አይደለም። የስሙ ዝምድና የመጣው ከሰዎች አጠራር እንጂ ከተክሎቹ ደም አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ድንችን እ.ኤ.አ. በ1858 ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ እንደሆነ ይነገራል። ስኳር ድንች የሚለው የአማርኛ ስም የሚነግረን ጣዕሙን ብቻ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ «ስኳር»፣ ከመሬት ስለሚወጣ «ድንች»። ሦስተኛም አለ፦ የወላይታ ድንች የምንለው አገር በቀል ሰብል። እሱ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሲሆን ዘመዶቹ በሶብላና ጦስኝ ናቸው። ግንዱን በጣታችሁ ብትዳስሱት እንደ በሶብላ አራት ማዕዘን ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንግዲህ «ድንች» ብለን የምንጠራቸው ሦስት ሰብሎች ከሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች የመጡ ናቸው ማለት ነው።

2. አመዳደባቸው እንዴት ነው?

የዕፅዋት ሳይንስ ተክሎችን የሚመድበው እኛ የሰውን ዝምድና በምንቆጥርበት መንገድ ነው ብላችሁ አስቡ። በጣም የሚቀራረቡት በአንድ «ወገን» ይቀመጣሉ። የሚቀራረቡ ወገኖች ተሰብስበው አንድ «ቤተሰብ» ይሆናሉ። ቤተሰቦች ተሰብስበው ደግሞ «ክፍለ መደብ» የሚባል ትልቅ ጎሳ ይሆናሉ። ወደ ላይ በሄድን ቁጥር ዝምድናው እየራቀ ይሄዳል።

ድንች ሳይንሳዊ ስሙ ሶላኑም ቱበሮሱም ነው። «ሶላኑም» የወገኑ ስም ነው። ቲማቲም፣ ደበርጃን፣ እንዲሁም በየመንገዱ ዳር የምታዩት እሾሃማ እምቧይና በማሳ ውስጥ የሚበቅለው አውጥ በዚሁ ወገን ውስጥ ናቸው። ቤተሰቡ ሶላናሲኤ ይባላል፤ በርበሬ፣ ቃሪያ፣ ትምባሆና አስተናግርም በዚህ ቤተሰብ ይካተታሉ።

ስኳር ድንች ሳይንሳዊ ስሙ አይፖሚያ ባታታስ ነው። ወገኑ «አይፖሚያ»፣ ቤተሰቡ ደግሞ ኮንቮልቩላሲኤ ይባላል። ይህ በአብዛኛው የሐረጎች ቤተሰብ ነው። ከዚህ ቤተሰብ ለምግብነት በስፋት የሚለማው ሥራ ሥር ስኳር ድንች ብቻ ነው።

ሁለቱ ቤተሰቦች የሚገናኙት ከዚያ በላይ ባለው ደረጃ፣ ሶላናሌስ በሚባለው ክፍለ መደብ ነው። በሰው ብንመስለው የአንድ ጎሳ ሰዎች ናቸው፤ ግን ቤታቸው የተለያየው እጅግ በጣም ከራቀ ዘመን ጀምሮ፣ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። ስለዚህ «ፈጽሞ አይዛመዱም» ማለትም ልክ አይደለም፤ «ዘመዳሞች ናቸው» ብሎ እንደ ወንድማማች ማየትም ልክ አይደለም።

ይህ አመዳደብ የቅርብ ጊዜ ግኝትም አይደለም። ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1753 ለዕፅዋት ስም ሲያወጣ ድንችን ከሶላኑም ወገን፣ ስኳር ድንችን ደግሞ ከሐረጎቹ ጋር ለያይቶ አስቀምጧቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1793 ላማርክ የተባለ ፈረንሳዊ ስኳር ድንችን አሁን ወዳለበት አይፖሚያ ወገን አዛወረው። ያን ጊዜ የዘር ምርመራ አልነበረም፤ ያዩት አበባውንና ፍሬውን ነው። እናንተም ማየት ትችላላችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በግብርና ሥራችን «ዝርያ» ስንል ጉደኔ፣ በለጤ ወይም ጃለኔ ማለታችን ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ተክል፣ ማለትም ድንች ናቸው። ኩልፎና ሃዋሳ-83 ደግሞ ሁለቱም ስኳር ድንች ናቸው። ጉደኔን በበለጤ መተካት ዝርያ መቀየር እንጂ ሰብል ማፈራረቅ አይደለም።

3. ማሳ ላይ በዓይን የሚታዩ ምልክቶች

አበባው። የድንች አበባ እንደ ኮከብ የተዘረጋ ሲሆን በመሐሉ ቢጫ ዘንጎች ተሰብስበው ቆመው ይታያሉ። የቲማቲም አበባ አጠገቡ ብታስቀምጡ በመጠንና በቀለም ይለያያል እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። የስኳር ድንች አበባ ግን እንደ ጥሩምባ ነው፤ ከጫፉ ሰፊ፣ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ፣ ጉሮሮው ወይን ጠጅ። ከመከፈቱ በፊት እንደታጠፈ ዣንጥላ ተጠቅልሎ ይቆያል፤ ጠዋት ይከፈትና ቀኑ ሲሞቅ ይጠወልጋል። ስኳር ድንች በአንዳንድ ማሳ ጨርሶ ላያብብ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሌሎቹን ምልክቶች ተመልከቱ።

ፍሬው። ድንች አንዳንድ ጊዜ ከአበባው በኋላ ትንሽ አረንጓዴ ቲማቲም የምትመስል ክብ ፍሬ ያንጠለጥላል። ብትቆርጧት ውስጧ እንደ ቲማቲም ብዙ ጥቃቅን ዘር ታገኛላችሁ። ይህች ፍሬ መርዛማ ስለሆነች ልጆች እንዳይበሏት ተጠንቀቁ። የስኳር ድንች ፍሬ ግን ደረቅ ሽፋን ያለውና በውስጡ ከአራት የማይበልጡ ጠንካራ ጥቁር ዘሮች የያዘ ነው።

ፈሳሹ። የስኳር ድንችን ሐረግ ወይም ሥሩን ስትቆርጡ ወተት የመሰለ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣል። የድንች ግንድ ሲቆረጥ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው። ይህ በየትኛውም ወቅት የምትሠሩት ቀላል ፈተና ነው።

ሌላም ማስረጃ አለ። የቲማቲምን ቀንበጥ በድንች ግንድ ላይ ማዳቀል፣ ማለትም ቆርጦ በማጣበቅ አንድ ተክል አድርጎ ማሳደግ ይቻላል፤ የአንድ ወገን ልጆች ስለሆኑ ይያያዛሉ። ስኳር ድንች ደግሞ የሚዳቀለው ከራሱ ወገን ካሉ ሐረጎች ጋር ነው። ድንችንና ስኳር ድንችን አበባ ለአበባ አዳቅሎ ዘር ማግኘትም አይቻልም።

4. አንዱ ግንድ ነው፣ ሌላው ሥር ነው

ትልቁ ልዩነት የምንበላው ክፍል ላይ ነው። የድንች ፍሬ የምንለው ነገር በእርግጥ ፍሬም ሥርም አይደለም። ከመሬት በታች የሄደ ግንድ ጫፉ አብጦ የተፈጠረ ነው። ማስረጃው ዓይኖቹ ናቸው። የድንች ዓይን በግንድ ላይ ያለ እምቡጥ ሲሆን በዙሪያው እንደ ጠመዝማዛ ተደርድሮ ይገኛል። ግንድ ስለሆነም ብርሃን ሲያገኝ አረንጓዴ ይሆናል።

ስኳር ድንች ግን እውነተኛ ሥር ነው፤ ምግብ ያከማቸ ወፍራም ሥር። ዓይን የለውም። በላዩ የምታዩአቸው ጭረቶች ቀጫጭን ሥሮች የወጡባቸው ቦታዎች ናቸው። ቢበቅል እንኳ ቡቃያው በብዛት የሚወጣው ከእናቱ ሐረግ ጋር ተያይዞ በነበረበት ጫፍ ነው።

ይህ ልዩነት የአተካከሉን ሥርዓት ይወስናል። ድንችን የምንተክለው ዓይን ባለውና በበቀለ የዶሮ እንቁላል በሚያህል የዘር ድንች ነው፤ በመስመሮች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር። ትልቁን ቆርጣችሁ ከተከላችሁ እያንዳንዱ ቁራጭ ዓይን ሊኖረው ይገባል፤ ዓይን የሌለው ቁራጭ ይበሰብሳል። አፈር የምናስታቅፈውም ለዚሁ ነው፦ ድንቹ የሚያድገው አፈር ውስጥ ከተቀበረው ግንድ በሚወጡ ቅርንጫፎች ላይ ስለሆነ የተቀበረው ግንድ ሲበዛ ድንቹ የሚይዝበት ቦታ ይበዛል፤ ፀሐይ መትቶትም አረንጓዴ አይሆንም።

ስኳር ድንች የሚተከለው በሐረግ ቁራጭ ነው። ወደ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ወስዳችሁ ከግማሽ በላዩን አፈር ውስጥ ታስገባላችሁ፤ በመስመሮች መካከል 60፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር። ሥር የሚያወጣው በተቀበሩት አንጓዎች ላይ ነው። ቁራጩን ከሐረጉ ጫፍ በኩል ውሰዱ። ከግርጌው ያለው አሮጌ ክፍል የስኳር ድንች ነቀዝ እንቁላል የሚጥልበት ስለሆነ ተባዩን ወደ አዲሱ ማሳ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

5. ለሰብል ማፈራረቅ ምን ማለት ነው? አንድ ማሳ በምሳሌ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በሽታና ተባይ ብዙውን ጊዜ የሚከተለው ቤተሰብን ነው። ለአንዱ የቤተሰብ አባል የተስማማ ተሕዋስ ወንድሙን ይለምዳል፤ የሩቁን ዘመድ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም። ይህን በግልጽ የሚያሳየን የድንች ባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ነው። በሽታው በአፈር ውስጥ ይቆያል፤ ከያዘ በኋላ የሚያድን ኬሚካል የለውም፤ መከላከያው ንጹሕ ዘርና ሰብል ማፈራረቅ ናቸው።

በመጀመሪያ በሽታውን በትክክል ለዩ። ተክሉ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ድንገት በቀትር ይጠወልጋል፤ አንዳንዴ መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ማታ ቀና ሊል ይችላል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን አይነሳም። ውሃ የጠማው ማሳ ከሆነ ተክሎቹ በጅምላ ይጠወልጋሉ፤ አጠውልግ ግን እዚህም እዚያም አንዳንዱን እየለየ ይጀምራል። ምች ከሆነ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ቁስል ይታያል፤ በአጠውልግ መጀመሪያ ላይ ቅጠሉ ቁስል የለውም።

ለማረጋገጥ የጠወለገውን ተክል ግንድ ከግርጌው ቁረጡ። ንጹሕ ውሃ በብርጭቆ ሞልታችሁ ቁራጩን ጫፉ ውሃ እንዲነካ አድርጋችሁ ሳታንቀሳቅሱ ያዙት። አጠውልግ ከሆነ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እንደ ነጭ ክር የመሰለ ፈሳሽ ከቁርጡ ወደ ታች ሲወርድ ታያላችሁ። ድንቹን አግድም ብትቆርጡት በውስጡ ቡናማ ቀለበት ታያላችሁ፤ ስትጫኑት ነጣ ያለ ፈሳሽ ይወጣል።

አሁን ለምሳሌ አንድ የወይና ደጋ አርሶ አደር እንውሰድ። ሩብ ሄክታር ማሳ ላይ በመጋቢት ድንች ተከለ፤ በግንቦት ተክሎች መጠውለግ ጀመሩ፤ በብርጭቆ ፈትኖ አጠውልግ መሆኑን አረጋገጠ። በሐምሌ ቀሪውን ምርት አነሳ። በዚያ ማሳ ላይ ቀጥሎ ምን ይዝራ?

በርበሬ ወይም በመስኖ ቲማቲም ልትከል ቢል ስህተት ነው። በስም ከድንች የራቁ ቢመስሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ በተለይ ቲማቲም በሽታውን አፈር ውስጥ ሕያው አድርጎ ያቆየዋል። ስኳር ድንች ግን በስም የቀረበ ቢመስልም የዚህ በሽታ ዋና መጠጊያ አይደለም። ስለዚህ ከቤተሰብ አንጻር ስኳር ድንች ትክክለኛ ማፈራረቂያ ነው።

ነገር ግን ወዲያውኑ ስኳር ድንች እንዲተክል አንመክረውም። ምክንያቱ ዝምድና ሳይሆን የአፈር ሽፋን ነው። ድንች ሲቆፈር ሁሉም አይወጣም፤ የቀሩት ጥቃቅን ድንቾች ዝናብ ሲያገኙ ይበቅላሉ። እነዚህ ሳይተከሉ የበቀሉ ድንቾች በሽታውን ይዘው ይቆያሉ፤ በየጊዜው እየተነቀሉ ካልተወገዱ ማሳው «ዕረፍት ወጣ» አይባልም። የስኳር ድንች ሐረግ መሬቱን ከሸፈነ በኋላ ደግሞ ከሥሩ የበቀለውን ድንች ለማየትም ሆነ ለመኮትኮት ያስቸግራል። ስለዚህ አስቀድሞ በመስመር የሚዘራና የሚኮተኮት ሰብል ይግባ።

ለዚህ ማሳ የሚስማማው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦

በሐምሌ መጨረሻ ቦሎቄ በመስመር ይዘራል፤ ሁለት ጊዜ ሲኮተኮት የበቀሉት ድንቾች ከነሥራቸው ይወጣሉ። የተነቀሉት በማሳው ላይ አይጣሉም፤ ከማሳ ውጭ በጥልቀት ይቀበራሉ።

በተከታዩ መጋቢት በቆሎ ይዘራል፤ በኩትኳቶው ወቅት የቀሩት ድንቾች ይለቀማሉ።

በቆሎው ሲነሳ፣ በመስከረም፣ ስኳር ድንች ይተከላል። አሁን የድንች ቡቃያ ስለተመናመነ የሐረጉ መሸፈን ችግር አይሆንም፤ እንዲያውም አረምን ያፍናል። በየካቲት ይቆፈራል፤ ቁፋሮው ራሱ ሥር ቀርቶ የነበረን ድንች ያወጣል።

በቀጣዩ ሐምሌ ጤፍ ወይም ስንዴ ይዘራል። ከዚያ በኋላ በሚመጣው መጋቢት ድንች ወደ ማሳው ሊመለስ ይችላል፤ ያውም በንጹሕ ዘር።

ድንቹ ከተነሳበት ሐምሌ እስከሚመለስበት መጋቢት ስትቆጥሩ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማሳው አራት ሰብል ሰጥቷል፤ አንዱም የድንች ቤተሰብ አልነበረም። በዚህ ሁሉ ጊዜ አውጥና አስተናግር የመሳሰሉ የድንች ቤተሰብ አረሞችም መነቀል አለባቸው፤ እነሱን መተው የድንችን ዘመድ ማሳ ላይ ማሳደር ነው።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። የስኳር ድንች ነቀዝ የሚኖረው በስኳር ድንችና በሐረግ ዘመዶቹ ላይ ነው፤ ድንችን አይፈልግም። ነቀዝ የበዛበት የስኳር ድንች ማሳ ላይ ድንች መትከል ተባዩን ምግብ ይነፍገዋል። ሆኖም በአጥሩ ላይ ጥሩምባ አበባ ያላቸው ሐረጎች ካሉ ነቀዙ እዚያ ይጠብቃችኋል፤ እነሱንም አጽዱ።

6. የቤተሰብ ልዩነት የማይረዳባቸው ቦታዎች

ቤተሰብ መለየት ሁሉን አይፈታም። ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ሥር ላይ እባጭ የሚፈጥሩ ኔማቶድ የሚባሉ ጥቃቅን ትሎች የቤተሰብ ልዩነት አያግዳቸውም። ድንችንም፣ ቲማቲምንም፣ ስኳር ድንችንም ያጠቃሉ። ስትቆፍሩ በቀጫጭን ሥሮች ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ እባጭ ካያችሁ ድንችንና ስኳር ድንችን ማፈራረቅ አይበቃችሁም፤ የእህል ሰብል አስገቡና የልማት ሠራተኛችሁን አማክሩ።

ሁለተኛ፣ ሁለቱም ሰብሎች ከአፈር ብዙ ፖታሽ ይወስዳሉ። ዘመድ ባይሆኑም የሚመገቡት ከአንድ ሌማት ነው። ስለዚህ አከታትላችሁ ስትተክሏቸው በመካከል ፍግና ብስባሽ መመለስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ በሽተኛ የዘር ድንች ከተተከለ የማሳው ዕረፍት በአንድ ቀን ይፈርሳል። ከላይ ካለ በሽታ ካለበት ማሳ ጎርፍ የሚወርድባችሁ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ መቀልበሻ ቦይ አስቀድማችሁ ቅደዱ። በታመመ ማሳ የሠራ ማረሻና ዶማ ሳይታጠብ ወደ ጤነኛው አይግባ።

7. ቅጠሉን ለከብት ወይስ ወደ ጉድጓድ?

የመጨረሻው ነጥብ ከቤትና ከበረት ጋር የተያያዘ ነው። የድንች ቤተሰብ ብዙ አባላቱ በቅጠላቸው ውስጥ መርዛማ ንጥረ ነገር ያዘጋጃሉ። ድንችም ሶላኒን የሚባል መርዝ በቅጠሉ፣ በግንዱ፣ በፍሬው፣ በቡቃያውና ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ በሆነው ድንች ውስጥ ይይዛል። መቀቀል አያጠፋውም። ስለዚህ የድንች ቅጠል ለሰውም ለከብትም አይሆንም፤ በጣም አረንጓዴ የሆነና የመረረ ድንችም ይጣል እንጂ አይብላ፣ ለከብትም አይሰጥ።

ስኳር ድንች ሶላኒን የለውም። ለጋ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል፤ ሐረጉ ጥሩ የከብት መኖ ነው። ጠውለግ አድርጋችሁ ከገለባ ጋር ቀላቅላችሁ ስጡ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የሻገተ ወይም የበሰበሰ ስኳር ድንች ለከብት አትስጡ። ሥሩ ሻጋታ ሲያጠቃው የከብትን ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ይፈጥራል፤ ከብቱ በከባድ ይተነፍሳል፣ ሊሞትም ይችላል። «ለሰው ባይሆን ለላም ይሁን» የሚለው ልማድ እዚህ ላይ አይሠራም።

8. በቡድን የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

ወደ ልማት ቡድናችሁ ስትመለሱ እነዚህን በራሳችሁ ማሳ ላይ ሥሩ።

ሀ. ያለፉትን ሦስት ዓመታት ሰብሎቻችሁን በየማሳው ጻፉ። ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ቃሪያና ትምባሆ በተጻፉበት ሁሉ «የድንች ቤተሰብ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። በሁለት ተከታታይ ወቅት ምልክት ያለበት ማሳ አለ?

ለ. አንድ የስኳር ድንች ሐረግና አንድ የድንች ግንድ ቆርጣችሁ ለቡድኑ አሳዩ። ወተቱ ከየትኛው ወጣ?

ሐ. በማሳችሁና በአጥራችሁ ከሚበቅሉት አረሞች የድንች ዘመድ የሆኑት የትኞቹ ናቸው? የስኳር ድንች ዘመድ የሆኑትስ?

መ. በሚቀጥለው መጋቢት ድንች ልትተክሉበት ያሰባችሁት ማሳ ላይ አሁን ምን ተዘርቷል? መልሱ በርበሬ ወይም ቲማቲም ከሆነ ቦታውን ቀይሩ፤ ስኳር ድንች ከሆነና ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት ዓመታትም ከድንች ቤተሰብ ነጻ ከነበሩ ግን ቀጥሉ።